በምስጋና ኢሜይሏ የጠራችኝ ምስክር

ካርቱም ውስጥ ለሥራ ተጠይቆ የወጣ ሰው የምስጋና ደብዳቤ አይጽፍም። ያስደውላል እንጂ። አጎቱ ለሥራ አስኪያጁ ወንድም ይደውላል፣ ጎረቤቱ ለጸሐፊዋ ሰላምታ ይልካል፣ ካልሆነም ራሱ ተመልሶ መጥቶ በር ላይ ይቆማል። በዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኔ የመሥሪያ ቤታችን የኢሜይል ሣጥን ውስጥ ከቃለ መጠይቅ በኋላ «አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጻፈችው የአገሬ ልጅ ነበረች። እኔም በዚያች ደብዳቤ ምክንያት ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ቢሆን።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር፤ ነገሩ ከእኔ ነው የሚጀምረው።

የምሠራበት ቤት ከኢትዮጵያ ቡና፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ እያስመጣ ለሱዳን ገበያ የሚያከፋፍል ድርጅት ነበር። ባለቤቷ ባሏ ሞቶባት ንግዱን የወረሰች ሱዳናዊት ናት፤ ሁላችንም «ሙዲራ»፣ ሥራ አስኪያጅ፣ እንላታለን። ሁልጊዜ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ነጭ ቶብ ትለብሳለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። እኔ ዋና የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሱዳኖቹ የተማረ ሰው እንደሚጠሩት «ኡስታዝ» ይሉኛል። ከመተማ ወዲያ ያሉት ነጋዴዎች የሚልኩት ደረሰኝ አብዛኛው በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ አማርኛና ዐረብኛ አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ሳያስፈልጋት አልቀረም።

ስቀጠር ያቀረብኩት ዲፕሎማ በእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። አገር ቤት የተረጎመልኝ ሰውዬ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ዓመቱን እንዳለ ተወው። ሙዲራ ያን ቀን መነጽሯን አድርጋ አነበበችና በጣቷ ቆጥራ፣ «የአሥራ ሦስት ዓመት ልምድ! ማሻአላህ» አለች። እውነተኛ ልምዴ አምስት ዓመት ነበር። የቀረውን ስምንት ዓመት የጨመረልኝ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። እኔ አንድም ቃል አልዋሸሁም። ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? የእኔማ ወርቅ ሆነ፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ልምድ ደመወዝ፣ በዋና ሒሳብ ሠራተኛ ማዕረግ። ራሴ ከልጅነቴ የሸበተ ስለሆነ ዕድሜዬን የተጠራጠረ የለም። ፓስፖርቴን ከዲፕሎማው ጋር ያስተያየ ሰው ግን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተመርቄ ያገኘኝ ነበር። በሒሳብ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን መቀነስ የቀነሰ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ሥራው በዛና ሙዲራ ረዳት ልትቀጥርልኝ ወሰነች። እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር የምትኖር አንዲት ወዳጅ አለቻት። ያቺ ወዳጇ ስልክ ደውላ፣ «ቤቴ የምትሠራው ሐበሺያ እኮ አካውንታንት ናት። ልብስ ስታጥፍልኝ ሳይ ኃጢአት ይሰማኛል፤ እስቲ ጠይቋት» አለቻት። ሙዲራ ሳቀች። በማግስቱ ግን ወረቀቶቿን አስመጣች።

ሴትዮዋ ለቃለ መጠይቁ የመጣችው በጠዋት ነው። ሠላሳን ትንሽ ያለፈች፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች። ጫማዋ የእሷ እንዳልሆነ ያስታውቃል፤ ተረከዟ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በሩ ላይ ሳገኛት ጎንበስ ብላ፣ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ መኖርዎን ስሰማ ግማሽ ፍርሃቴ ጠፋ» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ሰው አይበሉም» አልኳት።

ፈተናው እኔ ያዘጋጀሁት ነበር፤ ከአንድ ነጋዴ የመጣ የሒሳብ መግለጫና ያንኑ ነጋዴ የሚመለከተው የመዝገባችን ገጽ። መጨረሻቸው አይገናኝም፤ ልዩነቱን ፈልጊ ነው የምንላት። የደበቅኩት አንድ ስህተት ብቻ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ። እርሳሷን ይዛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ የግራ እጇን ጣት በአንዱ፣ የቀኝ እጇን እርሳስ በሌላው ላይ እያስኬደች መስመር በመስመር ወረደች። እኔ የደበቅኩትን ወዲያው አገኘችው። በዚያም አላቆመችም። «ሌላም አለ» አለች በእንግሊዝኛ፤ «ነጋዴው የተመለሰለትን እርጥብ ኮረሪማ ከዕዳችሁ ላይ ቀንሷል፤ እናንተ ግን አልቀነሳችሁም።»

ይህኛውን እኔ አልደበቅኩትም። ሳላየው ያለፍኩት ነው። ሙዲራ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።  እንዲህ ያለ ሰው ረዳት ሲሆን ምን ያህል ጊዜ ረዳት ሆኖ እንደሚቆይ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም።

ቀጥሎ ሙዲራ ወረቀቶቿን አነሳች። ዲፕሎማዋ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ኮሌጁ በእንግሊዝኛ ነው የሰጣት። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ግን ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ የተተረጎመ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ልክ እንደ እኔው ዓመቱን እንዳለ ትቶታል። ሙዲራ ሁለቱን አስተያየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እዚህ ላይ ሥራ የጀመርሽው ከመመረቅሽ ሰባት ዓመት ያህል ቀድመሽ ነው» አለቻት። «ሳትማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርሽ?»

ሴትዮዋ ደነገጠች። የምትናገረው ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ አጥቢ» የሚለው። «አይደለም፣ የእኛ… አገራችን…» ብላ ቃል አጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ያለ ዓይን አልረሳም፤ ልጅ በገበያ መሐል እናቱን ሲያይ እንደሚያየው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የምትፈልገው። «የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ በሰባት በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው» የምትል።

ወረቀት አገላበጥኩ። ሳል ያዘኝ መሰለኝ፤ ሳልኩ። ሙዲራ፣ «መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ እናስብበታለን። ኢንሻአላህ እንደውላለን» አለችና ቃለ መጠይቁ አበቃ።

ስሸኛት ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «በፊቷ ለአገርዎ ሰው አዳላ እንዳይባሉ ነው ዝም ያሉት፤ ገብቶኛል» አለችኝ። እንዲህ ነው የዋህ ሰው። ለዝምታዬ እኔ ያላሰብኩትን ምክንያት ራሷ ሰፍታ አለበሰችኝ።

ደብዳቤው የመጣው በማግስቱ ነው። የድርጅቱን ኢሜይል በየጠዋቱ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ጄነሬተሩ እየጮኸ፣ ሻዬ ገና ሳይበርድ ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ አንድም የልመና ቃል የሌለበት። ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ ኮሌጅ ሳለች አንድ መምህር ነበር እንዲህ እያለ ያስተማራቸው፦ ከቃለ መጠይቅ በኋላ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አመስግኑ፤ ካላችሁ ብርታት አንዱን ብቻ አስታውሱ፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ነገር ካለ አንዱን ብቻ ቋጩ፤ ከዚያ በላይ ከጻፋችሁ ልመና ይሆናል።

እሷም እንደተማረችው አደረገች። መጀመሪያ ለሰጧት ጊዜ አመሰገነች። ቀጥላ፣ የነጋዴን የሒሳብ መግለጫ ከመዝገብ ጋር መስመር በመስመር ማገናኘት ዋናው ችሎታዋ እንደሆነ፣ በፈተናው ላይ ያገኘችውን የኮረሪማ ተመላሽ እየጠቀሰች አስታወሰች። በመጨረሻም እንዲህ ትላለች፦

«በዲፕሎማዬና በሥራ ልምድ ደብዳቤዬ መካከል ስላዩት የዓመት ልዩነት በቃለ መጠይቁ ጊዜ በሚገባ አላስረዳሁም። ደብዳቤው የተጻፈው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲሆን፣ ይህም ከእናንተ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው። ሥራ የጀመርኩት ከተመረቅኩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዋናውን የአማርኛ ደብዳቤ አያይዣለሁ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት የአገሬ ሰው ይህንን ሊያረጋግጡልዎ ይችላሉ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 

ነገሩን አስቡት እንግዲህ። ሙዲራ ይህችን አንቀጽ ካመነች፣ ቀጥላ የምታስበው ምንድን ነው? የሌላውን ሐበሻ ወረቀት ነው። የእኔን። ዲፕሎማዬ ከጀርባዋ ባለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሦስተኛው መሳቢያ ላይ ነው ያለው። አውጥታ ስምንት ዓመት ብትጨምርበት የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልምድ አምስት ሆኖ ቁጭ ይላል። ቡሪ ሰፈር የተከራየሁት ቤት፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሁሉም የተንጠለጠለው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ሴትዮዋ ይህንን አታውቅም። ስለ ራሷ እውነቱን ስትናገር የእኔን መሳቢያ እየከፈተች መሆኑን በምን ታውቃለች?

ደብዳቤውን መሰረዝ ዐስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ግን የቢሮውን ስልክ ይዛለች፤ ብትደውልስ? «ደብዳቤዬ ደርሷችኋል?» ብትልስ? አትሜ ወሰድኩላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ የኮሪደሩ መንገድ ያን ቀን ረዘመብኝ።

ሙዲራ አነበበች። መጀመሪያ ላይ ፊቷ በራ። «ዋላሂ፣ እንዴት ያለ አጻጻፍ ነው! እኛ ጋ ያሉት ልጆች ሥራ ለምነው ከወጡ በኋላ ስማችንን እንኳ አያስታውሱም» አለች። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደረሰች። መነጽሯን አወለቀች።

«ያ ኡስታዝ፣ ይህ ነገር እውነት ነው? ሌላ አቆጣጠር አላችሁ?»

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ራሷው ቀጠለች። «ሊሆን ይችላል እኮ። እኛም ሂጅራ አለን። የአባቴ የጋብቻ ወረቀት በሂጅራ ነው የተጻፈው፤ ሳላውቅ ባነበው ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ይመስለኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ለማመን ተዘጋጅታ ነበር። ይህ ነው ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ። መግፋት አላስፈለገኝም ነበር፤ «አዎ» ማለት ብቻ ነበር። ስልኳ እጇ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ጎግል ብታደርግ ታገኘው ነበር። ግን ምን አስቸገራት? እኔ አለሁላት። ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኳት፣ የሐበሻን ነገር ሁሉ ጠይቃ የምትረዳብኝ ሰው ፊቷ ቆሜያለሁ።

«አቆጣጠርስ አለን» አልኩ። «እንደ ሂጅራችሁ ነው። ለጾም፣ ለበዓል። የቢሮ ወረቀት ግን በፈረንጁ ነው የሚጻፈው።»

የራሷን ምሳሌ አንስቼ ነው ያነቅኳት። ውሸት ከእውነት ጎረቤት ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያምር ያን ቀን አየሁ።

ሙዲራ ግን ፍርድ የምትወድ ሴት ናት። ትንሽ አሰበችና፣ «እስቲ ከነጋዴዎቹ የመጣ አንድ ደረሰኝ አምጣልኝ። ቀኑን ልየው» አለች።

 በመደርደሪያዬ ላይ ያለው የደረሰኝ ክላሰር በሙሉ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ በስተ መጨረሻው «ዓ.ም.» እየተባለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ቀን እየቀየርኩ ወደ መዝገብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሙዲራ የምታየው እኔ የቀየርኩትን ነው እንጂ የአማርኛውን ወረቀት ገልጣ አታውቅም። አንዱን ባሳያት አለቀልኝ።

ግን ሌላም ዓይነት አለ። ትልልቆቹ ነጋዴዎች በካሽ ሬጅስተር ማሽን የሚታተም ደረሰኝ ይልካሉ። ማሽኑ ቀን የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ክላሰሩን አገላበጥኩ፤ ከአርባ ያህል የእጅ ደረሰኝ መሐል ሁለት የማሽን ወረቀት አገኘሁ። አንዱን መዘዝኩ። እውነተኛ ደረሰኝ ነው፤ እውነተኛ ማኅተም፣ እውነተኛ ቀን። ወስጄ ፊቷ አኖርኩት።

ቀኑን አየች፤ የያዝነው ዓመት ነው። «በእኛው አቆጣጠር ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ ሙዲራ።»

«ስለዚህ ሴትዮዋ ወረቀት አስመስላ ሠርታለች፤ ስትያዝ ደግሞ አቆጣጠር ፈጠረች።»

አሁንም ዝም አልኩ። ይህችኛዋን እንኳ ራሷ ትናገራት ብዬ። «እኔ አላልኩም» ለማለት የምትመች ቀዳዳ ነበረች።

ሙዲራ አልተቆጣችም። አዘነች እንጂ። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ በሐሰት ማስረጃ ገብቶ አክስሯቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አስመሳይ ሰው አይዋጥላትም። እዚያው እፊቴ ስልኳን አነሳችና ለአል-ጣኢፏ ወዳጇ ደወለች። «እህቴ፣ ልቤ አዝኗል፤ ግን ልነግርሽ ግድ ነው። ቁልፍሽን የምትሰጫት ሴት ናት። ወረቀቷ ሐሰት ነው።» ከወዲያኛው በኩል የሚመጣው ድምፅ ለእኔ አይሰማም ነበር። ሙዲራ ብቻ፣ «አዎ… አዎ… ያጣራነው ከራሳቸው ሰው ነው» ስትል ሰማሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «መልስ ጻፍላት። በጨዋነት» አለች። ከጀርባዬ ቆማ በዐረብኛ ነገረችኝ፤ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ስለ ምስጋናሽ እናመሰግናለን። ስለ ዓመተ ምሕረቱ የሰጠሽውን ማብራሪያ ከሚያውቅ ሰው አጣርተናል፤ ልንቀበለው አልቻልንም። መልካም ዕድል። «ከሚያውቅ ሰው» የምትለዋን ልዘላት ሞከርኩ፤ ሙዲራ በጣቷ ስክሪኑን ነካ አድርጋ፣ «እሷን ጻፋት። እንዳጣራን ትወቅ» አለችኝ። ጻፍኩ። ያላ፣ በል ላከው አለች። ላክሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ሥራ ሰጠችኝ። በዚህ ነገር ደንግጣ ኖሮ፣ የሠራተኞቹ ሁሉ ማስረጃ እንዲመረመር አዘዘች። መርማሪው እኔ። ሦስተኛውን መሳቢያ ከፍቼ የራሴን ዲፕሎማ አወጣሁ፣ እንደሌሎቹ በጥንቃቄ ተመለከትኩት፣ «ተመርምሯል» የሚለውን ማኅተም መታሁበት፣ ፈረምኩ። ሳቄ መጣ። ማንም አልነበረም፤ ብስቅም ችግር አልነበረውም። ግን አልወጣልኝም።

ሴትዮዋ ስልኩ በተደወለበት ቀን ከአል-ጣኢፉ ቤት እንደተባረረች የሰማሁት ከሙዲራ ነው። እመቤቲቱ ሻንጣዋን አስፈትሻ፣ ቁልፉን ተቀብላ፣ «አላህ ይቅር ይበልሽ» ብላ አስወጣቻት አሉ። ስድስት ዓመት የሠራችበት ቤት ነው። እኔ ያን ቀን ምሳዬን በላሁ። ይህንንም የምጽፈው ሰው ጨካኝ ሲሆን ምግብ እንደማይዘጋው እንድታውቁ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላ አጣፍታለች፤ ከስታለች። እጇ ላይ የፕላስቲክ ማኅደር ይዛለች። መሸሽ አማረኝ፤ ግን ሰው እየሳመኝ ነው፣ «እንኳን አደረሰህ» እያለኝ ነው፣ በዚያ ነጭ ልብስ ወዴት ይሮጣል?

«ጋሼ!» ብላ መጣች። ደስ ብሏት ነው። «እርስዎን ስፈልግ ሦስተኛ እሑዴ ነው።»

«እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ?» አልኩ።

«አልሞትኩም። ኦምዱርማን ከሴቶች ጋር ተዳብዬ ነው ያለሁ፤ ስምንት ነን በአንድ ክፍል። የእመቤቲቱን ነገር ሰምተው ይሆናል። ያለፈው አለፈ።» ከማኅደሯ ውስጥ ወረቀት ማውጣት ጀመረች። «አሁን ኦምዱርማን አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ማክሰኞ እጠየቃለሁ። እንደዚያኛው እንዳይሆንብኝ ነው።»

በግቢው ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ ምስጋና ደብዳቤው አወራችኝ፤ መምህሩ ያስተማራቸውን፣ እንዴት ሌሊቱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ እንዳደረች። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «መልሳቸው ላይ ‹ከሚያውቅ ሰው አጣርተናል› ይላል። ማንን ጠየቁ? እኔ ኤምባሲ መስሎኛል። ኤምባሲ ደግሞ እንዲህ አይልም። እርስዎን ጠይቀው ቢሆን ኖሮማ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።»

«እኔን አላማከረችኝም» አልኩ። «እሷ እንዲህ ናት፤ የራሷ ሰዎች አሏት።»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት። እነዚያ ሴቶች ‹የአገርሽ ሰው ነው የሸጠሽ› ሲሉኝ ተጣላኋቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ አልኳቸው።» ሳቀች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጋሼ።»

ከዚያ የፈለገችኝበትን ነገረችኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ የዐረብኛ ትርጉም ግርጌ ላይ፣ በዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያው ቀን በፈረንጁ ስንት እንደሚሆን እንድጽፍላት ነው። የእሷ ዐረብኛ ለመጻፍ አይሆንም፤ ተርጓሚ ቤት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። «ለእርስዎ ምን አላት» አለችና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኳት። የጀመረችበትን ቀን፣ ያቆመችበትን ቀን፣ ሥሩ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ። በጣቴ እንኳ አልቆጠርኩም፤ ዘጠኝ ዓመት የለመድኩት ሥራ ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሷ በትከሻዬ በኩል እያየች፣ «አይ እጅ! እንዴት ይፈጥናሉ» አለች።

መጨረስ ነበረብኝ። ወረቀቱን ሰጥቼ፣ «ቅዱስ ሚካኤል ይርዳሽ» ብዬ መሄድ ነበረብኝ። ግን የእጄን ጽሑፍ ወረቀቷ ላይ ሳየው ፈራሁ። ሙዲራ የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ ታውቀዋለች። ካርቱም ደግሞ ነጋዴው ሁሉ ይተዋወቃል።

«አንድ ነገር» አልኩ፣ ነገሩን ቀላል አድርጌ። «ይህንን ለእኛ ሙዲራ እንዳታሳዪያት። ለሷም ለወዳጇም።»

«ምን ቆርጦኝ» አለች። ወረቀቱን ወደ ማኅደሩ መመለስ ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ።

 የመልሱን ኢሜይል፣ እኔ የጻፍኩትን፣ ከማኅደሩ አወጣችው። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጎኑ ላይ እኔ አሁን የጻፍኩበትን ደብዳቤ አኖረች። የግራ እጇን ጣት «ከሚያውቅ ሰው» የምትለው መስመር ላይ፣ የቀኝ እጇን ደግሞ በእጄ ጽሑፍ ላይ አደረገች። ልክ ያን ቀን በፈተናው ላይ እንዳደረገችው፣ ቀስ ብላ ወረደች። ኮረሪማውን ያገኘችው እንደዚህ ነበር።

ዕንባ አልመጣባትም። አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፤ የሚስትና የልጅ ነገር አነሳ ነበር፤ ምክንያት ሞልቶኝ ነበር።

«ጠይቃዎት ነበር» አለች።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የሚወጣው ሕዝብ እየሳሳ ነበር፤ አንዲት ልጅ የጫማ ክሯን እያሰረች ከፊታችን ቁጭ ብላለች፣ እሷን አየሁ።

«ለምን?» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ስለ መሳቢያው፣ ስለ ዲፕሎማዬ፣ ስለ ስምንት ዓመቱ ብነግራት በአንድ ትንፋሽ ያልቅ ነበር። እሷም የሒሳብ ሰው ናት፤ ትረዳው ነበር። አልነገርኳትም። ለካስ ፍርሃትም አፍ ይይዛል፤ ገና አሁንም፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላም፣ የማስበው መሳቢያዬን ነበር።

ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ጠርዛቸውን አስተካክላ ወደ ማኅደሩ መለሰች። ተነሳች፣ ነጠላዋን አራገፈች። እስክሪብቶዋ እጄ ላይ ቀርታ ነበር፤ እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኡስታዝ» አለችኝ።

ጋሼ አላለችኝም። ሱዳኖቹ እንደሚጠሩኝ ጠርታኝ፣ ወደ ኦምዱርማን የምትሄደው ሐፍላ፣ አውቶቡሷ፣ ወደምትቆምበት መንገድ ሄደች። ጫማዋ አሁን ልኳ ነበር።